የ"ሀ" እና የ"ሐ" ጣጣ

የማውቃት ዲዛይነር ለገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። "በስህተት ሀ ውስጥ ተመድቤአለሁና ወደ ሐ ይቀየርልኝ" ይላል ዋናው ሐሳቡ። መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ። ዓመታዊ ገቢዎ ከ500 ሺህ ብር በላይ ስለሆነ ደረጃ "ሐ" ሊሆኑ አይችሉም፤ እርስዎ ደረጃ "ለ" ነዎት፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት የለውም።

መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ያልጠየቀችውን ነው የመለሰላት። ጥፋቱ በከፊል የፊደል ነው። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በዓመት ገቢያቸው መጠን ደረጃ "ሀ"፣ "ለ" እና "ሐ" ብሎ ይከፍል ነበር። ያው አዋጅ ገቢውን ራሱን ደግሞ በምንጩ እየለየ ሠንጠረዥ "ሀ"፣ "ለ"፣ "ሐ" እያለ ይቀጥላል፦ "ሀ" ደመወዝ፣ "ለ" ኪራይ፣ "ሐ" የንግድ ሥራ። እሷ "ሀ" ስትል ሠንጠረዡን ነበር፤ ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ያነበበው ደረጃውን ነው። እንዲህ ባለ ደብዳቤ "ሠንጠረዥ" የምትለው ቃል ከቀረች የቀረው ገጽ ሁሉ ከንቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2015 የበጀት ዓመት ነው። ዲዛይነሯ የንግድ ፈቃድና ቲን አላት፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። አንድ ድርጅት በወር 20,000 ብር ለዓመት የማስታወቂያ ዲዛይን እንድትሠራለት ተዋዋላት። በጊዜው ሕግ ድርጅቱ ከአገልግሎት ክፍያዋ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም 400 ብር፣ ቆርጦ 19,600 ሊሰጣት ይገባ ነበር። ባንክ የገባላት ግን 14,500 ነው። የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል እንደ ተቀጣሪ ቆጥሯት የደመወዝ ግብር 5,500 ብር ቆርጧል። "ያው ግብር አይደል፣ በዓመት መጨረሻ ይቀናነስልኛል" ብላ ዝም አለች።

አይቀናነስም። ሠንጠረዦቹ እንደተለያዩ ጓዳዎች ናቸው። በደመወዝ የተከፈለ ግብር እዚያው ያልቃል፤ በንግድ ትርፍ ላይ ከሚታሰበው ግብር ላይ አይነሳም። ከደመወዝ ላይ ደግሞ ወጪ የሚባል ነገር አይቀነስም፤ ኮምፒውተሩም፣ የቢሮ ኪራዩም፣ ኢንተርኔቱም አይታይም።

ነሐሴ ላይ ዓመቱን ስታሳውቅ ከአራት ደንበኞች ያገኘችው 620,000 ብር ነበር፤ የዚያ ድርጅት 240,000ም ደረሰኝ ስለቆረጠችለት እዚያው ውስጥ አለ። ወጪዋ 250,000 ሲነሳ ትርፏ 370,000፣ ግብሩ 111,500 ብር መጣ። በዓመቱ ድርጅቱ የቆረጠባት 66,000 ስለሆነ የሚቀርባት 45,500 ነው ብላ ያንን ከፈለች። የሌሎቹን ደንበኞች ዊዝሆልዲንግ ለሒሳቡ ቅለት ትቼዋለሁ። መስከረም 15 የደረሳት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ግን 66,000ውን አላወቀላትም፤ የደመወዝ ነው። ያው 240,000 ብር አንዴ ደመወዝ፣ አንዴ ንግድ ሆኖ ሁለት ጊዜ ግብር ተጣለበት ማለት ነው።

በታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። መካከሉ ላይ መስቀል ነበር። የደመራ ዕለት እኔ ዘንድ ስትመጣ ጥቅምት 6 እንደሚያበቃ በጣቴ ቆጥሬ ነገርኳት። ሌላው ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ቅሬታ ተቀባይነት የሚኖረው ክርክር የሌለበት ግብር ከተከፈለ ነው። 45,500ውን ቀድማ መክፈሏ ሳታውቀው በሩን ከፍቶላታል።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። ሕጉ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በምን እንደምትቃወም፣ ምን እንዲታረም እንደምትፈልግ፣ ለምን። አናቱ እንዲህ ሆነ፦

"ጉዳዩ፦ በ2015 የግብር ዘመን በሠንጠረዥ 'ሀ' (ከመቀጠር የተገኘ ገቢ) የተመዘገበው ብር 240,000 የሠንጠረዥ 'ሐ' (የንግድ ሥራ) ገቢ መሆኑ ታውቆ፣ በስሜ ተቀንሶ ገቢ የተደረገው ብር 66,000 ከንግድ ግብሬ ላይ እንዲታሰብልኝ ስለመጠየቅ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ "ለምን" ነው። አዋጁ ተቀጣሪ የሚለው በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራን ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአብዛኛው ራሱ የሚወስን፣ በውል የሚሠራ ሰው ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ "እኔ ፍሪላንሰር ነኝ" የሚለውን ሰርዘን ኑሮዋን ጻፍን። በራሷ ቤት፣ በራሷ ኮምፒውተር ትሠራለች። ሰዓቷን የሚቆጣጠር የለም። ለድርጅቱ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ያለበት በራሪ ወረቀት አሳትማ ድጋሚ ያሳተመችው በራሷ ኪስ ነው፤ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ አያይዘናል። ሌሎች ሦስት ደንበኞች አሏት። ከሁሉ የጠነከረው ግን ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ለእሷ አንድም ወር አልተቆረጠም፣ አልተከፈለም።

የሚያሳፍርም ነገር ነበር። የውሉ ርዕስ "የቅጥር ውል" ይላል። የሰው ሀብት ክፍሉ የለመደውን ቅጽ አውጥቶ ስሟን ሞልቶበታል፣ እሷም ሳታነብ ፈርማለች። በየወሩ እኩል ክፍያ መሆኑም ደመወዝ ያስመስለዋል። ይህን እንተወው አለች። እኔ እምቢ አልኩ፤ ውሉ ከድርጅቱ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም፣ ከሌላ ሰው እጅ ከሚያዩት ከእሷ ቢያዩት ይሻላል። ርዕሱ እንዲህ ቢልም ውስጡ የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድም ሆነ ጡረታ እንደሌለው በአንድ አንቀጽ ገለጽን።

ደብዳቤው ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ደመወዝ ብሎ በየወሩ ያሳወቀው ድርጅቱ ስለሆነ፣ የአሥራ ሁለቱን ወር ማስታወቂያ ማረም ያለበትም እሱ ነው። ሒሳብ ሹሙ መጀመሪያ "ያለፈ ነገር" ብሎ ሸኛት። ሠራተኛ ናት ካላችሁ የዓመቱ ጡረታ የት አለ ብላ በጽሑፍ ስትጠይቅ ግን በሦስተኛው ቀን የድጋፍ ደብዳቤው ተጻፈ።

መስከረም 28 በሁለት ኮፒ አስገባች። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ አንዱን ወርውሮ ተቀበለና ሊሸኛት ሲል፣ የእሷ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም እንዲያሳርፍ ጠየቀችው። በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ መግባቱ የሚረጋገጠው በዚያ ማኅተም ነው። ቅሬታው ውድቅ ቢሆን ቀጣዩ መንገድ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ነው፣ ያውም ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን፣ 33,000 ብር፣ አስይዞ። 180 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠም ወደዚያው መሄድ ይቻላል።

እንደ እሷ ያለ ጉዳይ ያለው አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች እንዳይገለብጥ፦ የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፣ የደመወዝ ግብር ማስከፈያው ተቀይሯል። አከራካሪው ጥያቄ፣ ተቀጣሪ ወይስ ራሷን የቻለች ባለሙያ የሚለው፣ እዚያው አለ።

የአሥራ አንዱ ወር ታረመላት፤ 60,500 ብር ከግብሯ ላይ ታሰበ። የቀረው የሰኔው 5,500 ነው። በዚያ ወር ማስታወቂያ ላይ ድርጅቱ የቲን ቁጥሯን አንድ አኃዝ አሳስቶ ስለጻፈ ገንዘቡ በማታውቀው ሰው ስም ገብቷል። ሦስተኛውን ደብዳቤ እየጻፈች ነው።