ከሱቁ ዋጋ ውስጥ ስንቱ የፍሪጁ፣ ስንቱ የስሙ?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ አንድ ሱቅ በ200,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ገዥና ሻጭ በዋጋው ተስማምተው ቢጨባበጡም ክርክሩ ገና ግማሹ ነው። ከገንዘቡ ስንቱ ለፍሪጁና ለመደርደሪያው፣ ስንቱ ለሸቀጡ፣ ስንቱስ ጉድዊል ለሚባለው መልካም ዝና ነው?

የአሜሪካ የግብር ሕግ የንግድ ቤትን እንደ አንድ ዕቃ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1945 ስመ ጥሩው ዳኛ ለርንድ ሃንድ፣ ኮርኒንግ በተባለች የኒውዮርክ ግዛት ከተማ በተሸጠ የሃርድዌር መደብር ጉዳይ፣ ሽያጩ በየንብረቱ ተነጣጥሎ መታየት አለበት ብለው ወሰኑ። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ወደ ሱቃችን እንመለስ። ባለቤቱ ዕቃዎቹን በ130,000 ዶላር ገዝቶ፣ ወጪውን በእርጅና ቅናሽ ሙሉ በሙሉ ከገቢው ቀንሶ ጨርሷል። ዛሬ ገበያ ላይ 60,000 ዶላር ያወጣሉ። ሸቀጡ 40,000 ነው። የተረፈው 100,000 ጉድዊል ይሆናል። ገዥው ግን ዕቃው 110,000 ተብሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ለዕቃ የከፈለውን በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው ዓመት ከገቢው ይቀንሳል፤ ለጉድዊል የከፈለውን ግን በ15 ዓመት ነው የሚቀንሰው። የሚያከራክረው 50,000 ጉድዊል ውስጥ ከገባ በዓመት የሚቀንስለት 3,333 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ሻጩ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ቀደም ሲል ስለቀነሰው፣ ከዕቃው የሚያገኘው ትርፍ እንደ ደመወዝ ባለው ተራ መጣኔ ይታሰብበታል። ለዓመታት ራሱ ያፈራው ዝና ግን በካፒታል ጌይን ዝቅተኛ መጣኔ ነው የሚታየው። መጣኔዎቹ 24 እና 15 በመቶ ቢሆኑ፣ በዚያው 50,000 ላይ 12,000 ወይም 7,500 ዶላር ይከፍላል። ዝናውን ራሱ ከሌላ ገዝቶ ሲቀንስ ከቆየ ግን፣ የቀነሰው ያህል በተራው መጣኔ ይመለስበታል። ይህን ብዙ ሻጭ ይረሳዋል።

እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ ጉድዊል ጭራሽ አይቀነስም ነበርና ገዥዎች የበለጠ ይታገሉ ነበር። የ15 ዓመቱ ሕግ ጠቡን አለዘበው እንጂ አላጠፋውም። ከ1986 ወዲህ ደግሞ ስሌቱ ቅደም ተከተል አለው፦ ለሸቀጡና ለዕቃው ከገበያ ዋጋቸው በላይ አይመደብም፤ የተረፈው ሁሉ ጉድዊል ነው። ስለዚህ የገዥው 110,000 አይጸናም። ሻጩም ቢሆን ዕቃውን 20,000 ብሎ ማሳነስ አይችልም።

ሁለቱም ቅጽ 8594ን ሞልተው ከየግብር ማስታወቂያቸው ጋር ያያይዛሉ። ቁጥሮቹ ካልተገጣጠሙ ግብር ሰብሳቢው አይ.አር.ኤስ. ሁለቱንም ሊጠይቅ ይችላል። በጽሑፍ የተስማሙበት ክፍፍል ግን ሁለቱንም ያስራል፤ አይ.አር.ኤስ. ራሱ ተገቢ አይደለም ካላለ በቀር። ስለዚህ ክፍፍሉ ከፊርማ በፊት ውሉ ውስጥ ይግባ። ሸቀጡ በርክክቡ ቀን ሁለቱም ባሉበት ይቆጠር። የእያንዳንዱ ፍሪጅ ዕድሜና ያገለገለ ዋጋም በዝርዝር ተጽፎ ከውሉ ጋር ይያያዝ።