አማካይ ፊት ለምን ያምራል?

አማካይ ፊት ሲባል በየመንገዱ የሚታየው ተራ ፊት ማለት አይደለም፤ የብዙ ሰዎች ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ተዋህዶ የሚገኝ ምስል ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ጁዲት ላንግሎይስና ሎሪ ሮግማን የተማሪዎችን ፎቶ ሲያዋህዱ፣ ከ16 እና ከ32 ፊቶች የተሠሩት ምስሎች ከአብዛኞቹ ነጠላ ፊቶች ይልቅ ማራኪ ተብለው ተመዘኑ። የአንዱ ሰው አፍንጫ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ቢያዘነብል ሲዋሃዱ ይቃናሉ፤ ስለዚህ አማካዩ ፊት ግራና ቀኙም ይመጣጠናል። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ያለውን ፊት አእምሮ በቀላሉ ስለሚለየው ደስ ይለዋል የሚል ነው።

ሆኖም ማዋሃድ ጠባሳንና ብጉርን ያጠፋል። ተቺዎች ውበቱ ከቅርጹ ይሁን ከቆዳው ልስላሴ ብለው የጠየቁት ለዚህ ነው። ኋላ ላይ ቅርጹን ብቻ የለወጡ ጥናቶች ውጤቱ ቢቀንስም እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ዴቪድ ፔሬትና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ይበልጥ ማራኪ ከተባሉ ፊቶች ብቻ የተሠራው ምስል ከሁሉም አማካይ በልጦ መመረጡን አገኙ። አማካይነት ያሳምራል እንጂ የውበት ጣሪያ አይደለም። የተመጣጠነ ፊት የጤና ምልክት ነው የሚለውም ማስረጃው ደካማ ነው። እነዚህ ውጤቶች የብዙ መዛኞች አማካይ ዝንባሌ ናቸው፤ አንድ ሰው ማንን እንደሚወድ አይተነብዩም።