ከመቁረጥ በፊት ጨርቁ ይምጣ፦ ለ7ኛ ክፍል የኮላዥ ፖስተር የትምህርት ዕቅድ

ኮላዥ ማለት ከተለያየ ቦታ የመጡ ሥዕሎችን ቆራርጦ በአንድ ገጽ ላይ ማቀናጀት ነው። ቀድሞ በመቀስና በሙጫ ይሠራ የነበረውን ዛሬ በኮምፒዩተር መሥራት ይቻላል። ለዚህም ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም (በስክሪኑ ላይ GIMP ተብሎ ይነበባል) በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ የሚበላሸው የት ላይ ነው? ተማሪዎቹ ከፎቶው ላይ የጀርባውን መደብ፣ ማለትም ከዕቃው ኋላ የሚታየውን ሁሉ፣ ሲፍቁ ደወሉ ይደወላል፤ ፖስተሩም ሳይጀመር ይቀራል። መፍትሔው ከፎቶ አነሳሱ ይጀምራል እንላለን።

ለምሳሌ 40 ተማሪዎችና 8 ኮምፒዩተሮች አሉን እንበል። በአንድ ኮምፒዩተር 5 ተማሪዎች ይመደባሉ። የፖስተሩ ርዕስ «እጃችንን በሳሙና እንታጠብ» ሲሆን፣ የሚያስፈልጉት ሥዕሎች ሦስት ናቸው፦ ቢጫ ጀሪካን፣ ነጭ ሳሙናና የተዘረጉ ሁለት እጆች። ትምህርቱ ባለ 40 ደቂቃ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ፎቶ ማንሳት

መምህሩ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ይገባል። በመጀመሪያ ነጩን ሳሙና በነጩ ግድግዳ ፊት፣ ቀጥሎም በሰማያዊው ጨርቅ ፊት በስልክ ያነሳና «የትኛው ለመቁረጥ ይቀላል?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ ሳሙናን ከግድግዳ የሚለየው በቀለም ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ግድግዳውን ቁረጥ ሲሉት ሳሙናውንም አብሮ ይቆርጠዋል።

ፎቶው ከቤት ውጭ፣ ግን ጥላ ባለበት ቦታ ይነሣ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ከሆነ ዕቃው በጨርቁ ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ኮምፒዩተሩም ያንን ጥላ እንደ ሌላ ቀለም ያየዋል። ዕቃው ከጨርቁ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ቢል ይመረጣል። የሚፈስ ውሃ ግን በዚህ መንገድ አይቆረጥም፤ ጨርቁ በውሃው ውስጥ አልፎ ስለሚታይ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የውሃውን ጠብታ ተማሪዎቹ ኋላ በእጃቸው ይሣሉት።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ መቁረጥና ማቀናጀት

በጀሪካኑ እንጀምር። ፎቶው ከተከፈተ በኋላ በቅድሚያ Layer > Transparency > Add Alpha Channel የሚለው ይመረጣል። ይህ ከተዘለለ የተቆረጠው ቦታ ክፍት መሆኑ ይቀርና ሌላ ቀለም ይለጠፍበታል። ቀጥሎ Fuzzy Select Tool ተይዞ ጨርቁ ላይ ጠቅ ይደረጋል። በተመረጠው ቦታ ዙሪያ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የሚርመሰመስ መስመር ይታያል። መስመሩ ጀሪካኑ ውስጥ ከገባ Threshold የሚለው ቁጥር ይቀነስ፤ ከጨርቁ ያልተያዘ ካለ ደግሞ Shift ተጭኖ እዚያው ጠቅ ይደረግ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚረሷት ነገር አለች፤ የጀሪካኑ እጀታ ቀዳዳ! መሣሪያው የሚይዘው የተያያዘውን ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው ጨርቅ ሳይነካ ይቀራል። እሱም በ Shift ይጨመር። ከዚያ በ Select > Grow ምርጫውን በ2 ፒክስል ማስፋት የጠርዙን ሰማያዊ ክር ያጠፋል። በመጨረሻ Delete ሲጫኑ ግራጫ የዳማ ሰሌዳ ከታየ ቦታው ክፍት ሆኗል ማለት ነው። ሥዕሉ በ File > Export As መጨረሻው .png በሆነ ስም ይቀመጥ፤ .jpg ከተባለ ግን ክፍቱ ቦታ ይደፈናል፣ ልፋቱም ገደል ይገባል።

ሦስቱ ሥዕሎች ሲያልቁ በ File > New የ A4 ገጽ ይከፈትና በ File > Open as Layers አንድ ላይ ይገባሉ። እያንዳንዱ ሥዕል በራሱ ንብርብር ላይ ስለሚቀመጥ አንዱን ሲያንቀሳቅሱ ሌላው አይነካም። ያላለቀ ሥራ በ .xcf ይቀመጥ፤ ንብርብሮቹ ሳይዋሐዱ ይቆያሉ። የገጹ ላይኛው ሢሶ ባዶ ይተውና ርዕሱ ከታተመ በኋላ በማርከር ይጻፍ፤ የአማርኛ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣልና።

ግምገማ

ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሦስት እርምጃ ርቀት ይታይ። ሰማያዊ ጠርዝ ቀርቷል ወይ? የእጀታው ቀዳዳ ተከፍቷል ወይ? ሳሙናው ከእጆቹ ጋር ሲተያይ መጠኑ ልክ ነው ወይ? ጉድለት ከተገኘ ጥፋቱ የፎቶው ነው ወይስ የመቁረጡ ብላችሁ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ይህን ለይቶ የመለሰ ቡድን ትምህርቱን ይዟል፤ መሣሪያውን ለቡድኑ ይዞ ጠቅ የሚያደርገው መምህሩ ከሆነ ግን የተማረው መምህሩ ብቻ ነው።