የመጀመሪያዋ ዜሮ

የመመዝገቢያው ሳጥን +251ን አስቀድሞ ጽፎ ይጠብቃል። ሰውየው እንደለመደው 09 ብሎ ጀምሮ ቁጥሩን ይጨርሳል። ወዲያው ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ «የተሳሳተ ቁጥር አስገብተዋል!»

ቁጥሩ ግን የራሱ ነው፤ በየቀኑ ይደወልበታል። መልእክቱ ጥፋተኛ አደረገው እንጂ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አልነገረውም። ስለዚህ ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ይጽፋል።

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦ «ከ+251 ቀጥሎ 9 አሃዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን 0 አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ።» ወቀሳው ወጥቶ የሚደረገው ነገር ገባ። ጽሑፉ ከሳጥኑ ሥር ይቀመጥ፤ የተጻፈውም ቁጥር አይሰረዝ፣ አለዚያ ሰውየው የትኛውን ዜሮ እንደሚያጠፋ አያይም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መተግበሪያው ራሱ ዜሮዋን ቢቆርጣት ነው። ያኔ መልእክት የሚያስፈልገው መተግበሪያው ሊያቃናው ለማይችለው ነገር ነው፤ ለምሳሌ አሃዝ ሲጎድል፦ «8 አሃዝ ጽፈዋል፤ አንድ ይቀራል።»