«አሳጥረህ ጻፍልኝ፤ ግን አንድም ነገር እንዳይቀር»

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማመልከቻ ነው።

አንድ የባሌ ደጋ ገበሬ ሮቤ ገበያ ወርዶ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ቀረበ እንበል። «አሳጥረህ ጻፍልኝ፤ ግን አንድም ነገር እንዳይቀር» አለው። ልብ በሉ፤ በዚህ በአንዱ ልመና ውስጥ ሁለት ትእዛዝ አለ። አንዱ «ቀንስ» ይላል፤ ሌላው «አትቀንስ» ይላል። ጸሐፊው ሁለቱን እኩል ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ ዝም ብሎ አንዱን ይመርጣል። የትኛውን እንደመረጠ ገበሬው የሚያውቀው ቢሮ ከደረሰ በኋላ ነው።

የገበሬው ጉዳይ የወሰን ነው። እንደምታውቁት በባሌ ደጋ በልግም መኸርም ይታረሳል። ጎረቤቱ ባረሰ ቁጥር አንድ ትልም ወደሱ ይገፋል። በዓመት ሁለት ትልም፣ በሦስት ዓመት ስድስት ትልም ሄደ ማለት ነው።

ጸሐፊው «አሳጥር» የሚለውን ከመረጠ እንዲህ ይጽፋል፦ «ጎረቤቴ ወሰኔን ስለገፋብኝ ይታይልኝ።» አጭር ነው። ነገር ግን ሹሙ «የት? ከመቼ ጀምሮ? ማን አየ?» ብሎ ይመልሰዋል። እስኪመላለስ ደግሞ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። «አይቅር» የሚለውን ከመረጠ ደግሞ ከአያቱ ርስት ጀምሮ አራት ገጽ ይሞላል፤ የሚጠይቀው ነገር አራተኛው ገጽ ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማመልከቻ ለሁለቱም ትእዛዝ ለየብቻ ቦታ አለው። ከላይ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር የአጭሩ ቦታ ነው፦ «የተገፋ የእርሻ ወሰኔ ተለክቶ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ።» ከሱ በታች ዝርዝሩ ይገባል፦ መሬቱ የት እንዳለ፣ ከየትኛው ዓመት እርሻ ጀምሮ እንደተገፋ፣ ስንት ትልም እንደሆነ፣ እነማን እንዳዩ። የመሬቱ ደብተር ቅጂ አባሪ ሆኖ ከኋላ ይያያዛል። በአፋን ኦሮሞም ቢጻፍ አቀማመጡ ያው ነው።

አጭሩ መስመር በቂ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ነገሩን ለማያውቅ ሰው እሱን ብቻ አንብቡለትና «ምን የምጠይቅ ይመስልሃል?» በሉት። «ወሰንህ እንዲለካ» ካለ መስመሩ በቅቶታል። «እንጃ» ካለ ግን ከልክ በላይ አጥሯል።

የአያትየው ታሪክስ? እኔ እንደሚመስለኝ እሱ በቃል ይነገር፤ ሲጠየቁ።

እንግዲህ ገበሬው ለጸሐፊው እንዲህ ቢለው ይሻል ነበር፦ «ጉዳዩን ባንድ መስመር አድርገው። ዝርዝሩ ከግማሽ ገጽ አይለፍ። ቦታ ካጠረህ የአያቴን ነገር ተወው፤ ዓመቱንና ምስክሮቹን ግን እንዳትተው።» አሁን ጸሐፊው የሚቀነሰውንም የማይቀነሰውንም ያውቃል። ገበሬውም ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ያንብበው፤ መጀመሪያም ዓመቱንና የምስክሮቹን ስም ይፈልግ።