ጩኸቱ ለማን ነው? በደቡብ አፍሪካ አዲስ መጪ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቃላት

ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ተነስተው ደቡብ አፍሪካ የሚገቡ ብዙ ወጣቶች ሥራ የሚጀምሩት በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ባለው የሐበሻ ገበያ፣ አለዚያም ሐበሻው «ሎኬሽን» በሚላቸው የድሃ ሰፈሮች ውስጥ ባለች ትንሽ ሱቅ ነው። የተቀበላቸው ዘመድ የዕቃ ዋጋና የብር አቆጣጠር ያስተምራቸዋል። ሰው ሲጮህባቸው የተባለው ምን እንደሆነ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። በዚያ አገር ከሚጮኹት ቃላት አንዳንዱ ስድብ ብቻ ሲሆን አንዳንዱ ጥቃት ሊጀመር መሆኑን ያስታውቃል። ሁለቱን መለየት ሕይወት ያተርፋል።

መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ቃሉ የሚነገረው ለማን ነው? ተናጋሪው አንተን እያየ ለአንተ ብቻ ከተናገረ አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ስለ አንተ ለሌሎች ከተናገረ ግን ሰው እየጠራብህ ነው።

ለአንተ ብቻ ከሚነገሩት እንጀምር። ቶሎ የምትሰማው «ክዌሬክዌሬ» ነው፤ ብዙ ሰው ሲሆን «ማክዌሬክዌሬ» ይሆናል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጣ ሰው የሚናቅበት ስም ነው። «ፉትሴክ» ከአፍሪካንስ የመጣ ሲሆን ውሻ የሚባረርበት «ጥፋ» ነው፤ የአገሩ ሰዎችም እርስ በርስ ሲጣሉ ይባባሉበታል። «ሃምባ» በዙሉ «ሂድ» ማለት ነው፤ እናት ልጇን ስትልክም ትለዋለች፣ ስለዚህ ክፉ የሚያደርገው ድምፁ ነው። ባለሱቁን «ማይ ፍሬንድ» ብለው የሚጠሩት ደግሞ አብዛኞቹ ክፋት አስበው አይደለም፤ የውጭ አገር ባለሱቅ በሰፈሩ የሚጠራበት የተለመደ ስም ነው።

አንድ አጋጣሚ እንይ። ቀኑ መሽቷል፣ ከብረት ፍርግርጉ ውጭ ሦስት ሰዎች ተሰልፈዋል። የፊተኛው ዳቦ ፈልጎ ሦስት ራንድ ጎድሎታል፤ ነገ እከፍላለሁ ይላል። ባለሱቁ ዱቤ እንደሌለ ሲነግረው «ፉትሴክ፣ ክዌሬክዌሬ!» ብሎ ፍርግርጉን መታ። እዚህ ላይ ባለሱቁ እጆቹን ባንኮኒው ላይ እንደሚታዩ ያስቀምጥ፣ በሩን አይክፈት፣ ድምፁን ከሰውዬው ድምፅ ዝቅ ያድርግ። «ንጊያኮሊሳ፣ ባባ» ይበል፤ «ይቅርታ፣ አባባ» እንደማለት ነው። ሰውዬው ወጣት ከሆነ «ቡቲ» ይበቃል፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይድገምና ዝም ይበል።

ሦስት ነገሮች እሳቱን ያቀጣጥላሉ። የመጀመሪያው ስድቡን መመለስ ነው። ሁለተኛው ፈገግታ ነው፤ እኛ ነገር ለማብረድ ፈገግ እንላለን፣ የተናደደ ሰው ግን እንደ ሹፈት ሊያየው ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ከውስጥ ላለው ጓደኛ በአማርኛ ወይም በሀዲይኛ መናገር ነው። ሰውዬው ቋንቋውን ስለማያውቅ እየሰደባችሁት ወይም እየዶለታችሁበት ይመስለዋል። ይልቁንስ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ ከኋላ ያሉትን አሮጊት «ሳውቦና፣ ጎጎ» ማለት ይሻላል፤ «እንደምን አመሹ፣ እማማ» ነው። ዘወትር በአክብሮት ሰላም የሚባሉ ደንበኞች ተሳዳቢውን ራሳቸው ይገሥጹታል፤ ነገ ምስክር ካስፈለገም የሚገኙት እነሱ ናቸው።

ነገሩ ሲከፋ መጀመሪያ የሚለወጠው የቃሉ መጨረሻ ነው። ዙሉ ብዙ ሰው ሲያዝ ከግሡ መጨረሻ «ኒ» ይጨምራል። «ሃምባ» ሲባል አንተ ሂድ ነው፤ «ሃምባኒ» ሲባል ግን ሁላችሁም ሂዱ ነው። ተናጋሪው ከአንተ ጋር ስለ ዳቦው መጣላቱን ትቶ የውጭ ሰዎችን በሙሉ እያባረረ ነው። «አባሃምቤ» ከዚህም ይብሳል፤ «ይሂዱልን» ማለት ሲሆን በሰልፍ የሚጮኽ መፈክር ነው። «ምሻዬ» በለው፣ ምታው ነው። «ቪምባ» ያዘው፣ አግደው ማለት ሲሆን ሌባ ሲባረር ይጮኻል፤ ወደ አንተ ከተጮኸ የማያውቁህ ሰዎች ሳይጠይቁ ሊመቱህ ይችላሉ። «ሺሳ» ማቃጠል ነው። «ቫላ» ዝጋ ነው፤ ቡድን ሆነው እየዞሩ ከጮኹት ሱቆችን እያዘጉ ነው።

እነዚህን ስትሰማ ለመመለስ የሚሆን የትሕትና ቃል የለም። ሰዎቹ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነውና ንግግርህን የሚሰማ አይኖርም። ስልክህንና ወረቀትህን ይዘህ፣ ሰው ባልተሰበሰበበት በኩል ወጥተህ ወደምታምነው ጎረቤት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፤ የፖሊስ መጥሪያው 10111 ነው። ለዕቃው ብለህ አትመለስ። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. ከአሌክሳንድራ ተነስቶ በተስፋፋው ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱ 21 ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ሕዝብ አንዴ ከተነሳ ማን የውጭ ሰው እንደሆነ አያጣራም።

በመካከል ያለ ሌላ ጩኸት አለ፦ «መታወቂያ አውጣ!» በ2021 እ.ኤ.አ. በሶዌቶ የተጀመረው ኦፕሬሽን ዱዱላ አባላቱ ሱቅና ክሊኒክ በር ላይ ቆመው ወረቀት ይጠይቁ ነበር። «ዱዱላ» በዙሉ ገፍቶ ማስወጣት ነው። በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፓስፖርት ወይም መታወቂያ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ብቻ መሆኑን ወስኖ ቡድኑን ከዚህ ሥራ አግዶታል። ስለዚህ የጠየቀህ አንድ ሰው ከሆነ «ፖሊስ ከሆንክ የሥራ መታወቂያህን አሳየኝና አወጣለሁ» ማለት መብትህ ነው። ቡድን ከሆኑ ግን ሕግ አትከራከር፤ ውሳኔው ከጎንህ ቆሞ አይከላከልልህም። ዋናውን ወረቀት በሌላ ቦታ አስቀምጠህ ሱቅ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ማኅተም ያደረገበትን ቅጂ ያዝ፤ ማኅተሙ ክፍያ የለውም። ከተነጠቅህ የምታጣው ቅጂውን ብቻ ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ የተባለውን ቃል በተባለበት ቋንቋ፣ ከሰዓቱና ከምስክሮቹ ጋር በዚያው ቀን ጻፍ። ፖሊስ ጣቢያ ስታመለክት የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበል አትውጣ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ስድብ በዚያ አገር ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ቪኪ ሞምበርግ የተባለች ሴት ጥቁር ፖሊስ በዘር በመስደቧ እስራት ተፈርዶባታል። ከወንጀሉ ክስ ሌላ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የተቋቋመ የእኩልነት ፍርድ ቤት አለ፤ ያለ ክፍያና ያለ ጠበቃ ማመልከት ይቻላል። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ራሱ ሊያዝ ስለሚችል አስቀድሞ በነፃ የሚያማክር የስደተኞች ጠበቃ ቢያነጋግር ይሻላል።

አዲስ መጪ የምትቀበሉ ዘመዶች ሁሉ፣ ልጁ ባንኮኒ ላይ ከመቆሙ በፊት በ«ሃምባ» እና በ«ሃምባኒ» መካከል ያለውን ልዩነት በጆሮው እስኪለይ አለማምዱት። የመውጫውን በርና የምታምኑትን ጎረቤት ቤትም በዚያው ቀን በእግር ወስዳችሁ አሳዩት።