ስላይድን ወደ ሪፖርት መመለስ

ስላይድ የሚዘጋጀው አጠገቡ ተናጋሪ እንደሚቆም ታስቦ ነው። ነጥቦቹ አጭር የሚሆኑትም «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉት ማያያዣዎች ከተናጋሪው አፍ ስለሚወጡ ነው። ሪፖርት ግን አንባቢው ብቻውን የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ነጥቦቹ ተገልብጠው ሲለጠፉ ቃላቱ ይተላለፋሉ፤ ማያያዣው ግን በአዳራሹ ይቀራል።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ያሳያል። መንኮራኩሯ በጃንዋሪ 2003 እ.ኤ.አ. ስትመጠቅ ከነዳጅ ታንከሩ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። እሷ ገና ጠፈር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች የጉዳት ግምታቸውን ለናሳ በስላይድ አቀረቡ። ፌብሩዋሪ 1 ወደ ምድር ስትመለስ ግን ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በኋላ ባወጣው ሪፖርት፣ የመረጃ አቀራረብ ተመራማሪው ኤድዋርድ ተፍቲ በአንዱ ስላይድ ላይ የሠራውን ትንተና አካቷል።

የስላይዱ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር፤ የጉዳት ስሌቱ ከእውነታው ይልቅ አጋንኖ የመገመት ባሕርይ እንዳለው ይጠቁማል። በትንንሽ ፊደል ግርጌ ላይ የሰፈረው ነጥብ ግን ሌላ ይናገራል፤ በሙከራ የተተኮሰው ቁራጭ ይዘት 3 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ክንፉን የመታው 1920 ኪዩቢክ ኢንች ነው ይላል። ርዕሱንና ግርጌውን የሚያገናኝ ዓረፍተ ነገር የለም።

ይህ ስላይድ ሪፖርት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ሥራ ዋናውን ግኝት በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይሆን ነበር። ቀጥሎም እያንዳንዱ ነጥብ ለዚያ ግኝት ማስረጃ፣ ምክንያት ወይስ ገደብ እንደሆነ ይለያል። ውጤቱ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይሆናል፦

«ክንፉ ምን ያህል እንደተጎዳ አሁን ባለው የሙከራ መረጃ ማረጋገጥ አይቻልም። በሙከራ የተተኮሰው ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ነበር፤ ክንፉን የመታው ግን 1920 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 640 እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። ስሌቱ በቀድሞ ሙከራዎች ጉዳቱን አጋንኖ ማሳየቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ለሚበልጥ ቁራጭም እንደዚያው ይሆናል ለማለት መሠረት የለም። ስለዚህ…»

በስላይዱ ላይ ግርጌ የነበረው ቁጥር እዚህ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ርዕስ የነበረው ሐሳብ ደግሞ ገደቡ ተነግሮለት ወደ ታች ወርዷል። ከ«ስለዚህ» በኋላ የሚመጣው ግን ስላይዱ ላይ የለም። ነጥቦች ብቻቸውን ሲደረደሩ የማይታየውን ጉድለት አንቀጹ አጋልጦታል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቦታ በራሱ ግምት መሙላት የለበትም፤ ገለጻውን ያቀረበውን ሰው ጠይቆ ማሟላት ይኖርበታል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምንጭ ከስላይዱ ሥር የሚጻፈው የተናጋሪው ማስታወሻ ነው። ጽሑፉን ለማውጣት የፓወር ፖይንት Outline View ይረዳል፤ ነገር ግን በተናጠል በተጨመሩ የጽሑፍ ሳጥኖች ውስጥ ያለው በዚያ ስለማይታይ ከዋናው ስላይድ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በገለጻው ጊዜ በጣት የሚጠቆም ግራፍም በሪፖርቱ ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ምን እንደሚያሳይ በዓረፍተ ነገር ሊነገር ይገባል።

የስላይዶቹ ርዕሶች እንዳሉ የሪፖርቱ ንዑስ ርዕሶች መሆን የለባቸውም። ስላይድ የሚከፈለው በስክሪን ስፋት ነው፤ የሪፖርት ክፍል የሚለየው ግን በሚመልሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሃያ ስላይዶች አራት ወይም አምስት ክፍሎች ሊሆኑ ይችላሉ። «ውጤቶች» ከሚል ርዕስ ይልቅም «ሙከራው ትልቁን ቁራጭ አይወክልም» የሚለው አንባቢውን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ያስገባዋል።

ከክፍል ወደ ክፍል መሸጋገሪያው «በተጨማሪም» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ነጥቦቹ አሁንም ተለጣፊ ናቸው። እውነተኛ መሸጋገሪያ የቀደመው ክፍል የተወውን ጥያቄ ይዞ ይነሳል፤ ለምሳሌ «ሙከራው የማይወክል ከሆነ ጉዳቱን በምን ማወቅ ይቻላል?» ወደሚለው ይመራል። በቅደም ተከተል የሚሠሩ ተግባራትና የሚነጻጸሩ ቁጥሮች ግን አንቀጽ ቢሆኑ ንባብን ያከብዳሉ፤ በዝርዝርና በሠንጠረዥ መቆየታቸው ይሻላል።

ሥራው መጠናቀቁ የሚፈተነው የሁለት አንቀጾችን ቦታ በማለዋወጥ ነው። ተለዋውጠውም ጽሑፉ ምንም ካልጎደለው፣ በመካከላቸው የነበረው ማያያዣ ገና አልተጻፈም።